ለተሽከርካሪ ጎማ ናይትሮጅን ወይስ ተራ አየር? የተጨማሪ ክፍያው ተገቢነት ሲመዘን

ከመገናኛ ተነስቶ በአራት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያቀና ተሽከርካሪ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ውስጥ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። በየካ ክፍለ ከተማ የሚንቀሳቀሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪኖች ዳገትና ቁልቁለት የዕለት ተዕለት ሥራቸው ነው። ጠዋት በብርድ ከግቢ ይወጣሉ፣ እኩለ ቀን ላይ በጋለ አስፋልት ይመላለሳሉ፣ አንዳንዴም በኮተቤ በኩል አድርገው ወደ ደብረ ብርሃን ይዘልቃሉ። በእነዚህ መኪኖች ጎማ ውስጥ የሚሞላው ነገር ምን መሆን እንዳለበት የሚነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ወደ ስምሪትና ጠቅላላ አገልግሎት ክፍል የሚደርሰው በክፍያ መጠየቂያ መልክ ነው። ተራ አየር በጥቂት ብር ወይም ያለ ክፍያ የሚሞላ ሲሆን ለናይትሮጅን ግን በእያንዳንዱ ጎማ የተለየ ሂሳብ ይጠየቃል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ተራው አየር ራሱ በአብዛኛው ናይትሮጅን መሆኑ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ሲሆን ቀሪው አርገንና ሌሎች ጋዞች ናቸው። በዚህም ላይ እንደ ወቅቱ የሚለያይ የውሃ ተን ይጨመርበታል። አገልግሎቱን የሚሰጡ ጎማ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት መሣሪያም ናይትሮጅን የሚፈጥር ሳይሆን ከአየር ውስጥ ኦክስጅኑንና እርጥበቱን አጣርቶ የሚያስቀር ነው። ስለሆነም ደንበኛው የሚከፍለው ለ78 በመቶው ሳይሆን ከ78 ወደ 95 በመቶ አካባቢ ከፍ ለማለት ነው።

ለዚህ ልዩነት የሚቀርቡት ምክንያቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ግፊቱ ሳይቀንስ ረጅም ጊዜ ይቆያል የሚል፣ ሁለተኛው በሙቀትና በቅዝቃዜ አይለዋወጥም የሚል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጎማውንና ቸርኬውን ከእርጅናና ከዝገት ይጠብቃል የሚል ነው። የመጀመሪያው እውነትነት አለው፣ መጠኑ ግን አነስተኛ ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው ስህተት ሲሆን ሦስተኛው ለተወሰኑ ተሽከርካሪዎች ብቻ የሚሠራ ነው።

ጎማ ቀዳዳ ባይኖረውም እንኳ በላስቲኩ ውስጥ አልፎ የሚወጣ ጋዝ አለ። ኦክስጅን ከናይትሮጅን ይልቅ ሦስት እስከ አራት እጥፍ በሚደርስ ፍጥነት ላስቲኩን ሰርስሮ ይወጣል። በመሆኑም ኦክስጅኑ የተቀነሰለት ጎማ ግፊቱን የሚያጣው በዝግታ ነው። ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተሰኘው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት 31 የጎማ ሞዴሎችን ወስዶ ከየዓይነቱ አንዱን በአየር፣ ሌላውን በናይትሮጅን እስከ 30 ፒኤስአይ ሞልቶ ለአንድ ዓመት ደጅ አስቀምጧቸው ነበር። ፒኤስአይ በአገራችን ጎሚስታዎች ጌጅ ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ ነው። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ውጤት በአየር የተሞሉት በአማካይ 3.5 ፒኤስአይ፣ በናይትሮጅን የተሞሉት ደግሞ 2.2 ፒኤስአይ ቀንሰው ተገኝተዋል። ልዩነቱ በዓመት 1.3 ፒኤስአይ ሲሆን በወር ሲሰላ ከአንድ ፒኤስአይ አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ይህን ያህሉን ልዩነት በተለመደው የጎሚስታ ጌጅ ለይቶ ማንበብ አይቻልም።

ከዚህም ጋር ጎማ ግፊቱን የሚያጣበት ዋነኛው መንገድ ይህ አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በጥርብ ድንጋይ መንገድ ጠርዙ የተጣመመ ቸርኬ፣ ያረጀ ቫልቭ ወይም የተሰካ ምስማር በአንድ ሳምንት የሚያስወጣው ጋዝ ላስቲኩ በዓመት ከሚያስወጣው ሊበልጥ ይችላል። በእንዲህ ዓይነቱ ቀዳዳ በኩል ናይትሮጅንም አየርም እኩል ይወጣሉ። በመሆኑም ናይትሮጅን ተሞልቶለት በወር ውስጥ አምስት ፒኤስአይ የቀነሰ ጎማ ሲገኝ ጋዙን መልሶ መሙላት መፍትሔ አይሆንም። በቫልቩና በቸርኬው ጠርዝ ላይ የሳሙና ውሃ አፍስሶ አረፋ የሚሠራበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ማለትም ናይትሮጅን በሙቀት አይለዋወጥም የሚለው፣ እንደ እንጦጦ ባሉ ዳገታማ አካባቢዎች በብዛት የሚነገር በመሆኑ በቁጥር አስደግፎ ማየቱ ተገቢ ይሆናል። ጌጁ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለውን ሙሉ ግፊት ሳይሆን ከውጭው አየር ግፊት የበለጠውን ብቻ ነው። የውጭው አየር ግፊት በባሕር ጠለል 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው እንደ መገናኛ ባሉ ቦታዎች ወደ 11 ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ላይ ደግሞ 10 ገደማ ነው። በመሆኑም መገናኛ ላይ ጌጁ 35 ያነበበበት ጎማ በውስጡ ያለው ሙሉ ግፊት 46 ፒኤስአይ ነው።

ይህ መኪና እንጦጦ ላይ ሲደርስ የውጭው ግፊት በአንድ ፒኤስአይ ያህል ስለሚቀንስ የጌጁ ንባብ በዚያው መጠን ከፍ ይላል። በአንጻሩ ተራራው ላይ ያለው አየር በአራት ወይም በአምስት ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ጎማው በቂ ጊዜ ቆሞ ሲቀዘቅዝ የሦስት ሩብ ፒኤስአይ ያህል ቅናሽ ያሳያል። ሁለቱ ለውጦች እርስ በርስ የሚጣፉ ሆነው በመጨረሻ የሚቀረው ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ለሚወርድ መኪናም ተመሳሳይ ስሌት ይሠራል። እዚያ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ በመሆኑ የውጭው ግፊት ወደ 13 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ንባቡን በሁለት ይቀንሰዋል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ የዚያኑ ያህል ሊጨምርለት ይችላል።

በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ጋዙ ናይትሮጅን ይሁን አየር የሚጠይቅ ቦታ የለም። በጎማ ውስጥ ባለው የግፊትና የሙቀት መጠን ሁለቱም ሲሞቁ በእኩል ይስፋፋሉ፣ ሲቀዘቅዙም በእኩል ይቀንሳሉ። በእንጦጦ ቁልቁለት ፍሬን ተደጋግሞ ሲያዝ ከፍሬኑ ወደ ቸርኬው የሚተላለፈው ሙቀትም በሁለቱ ጋዞች ላይ የሚያስከትለው የግፊት ጭማሪ አንድ ነው። ለዚያ መፍትሔው በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝ እያደረጉ መውረድ እንጂ የጎማውን ጋዝ መለወጥ አይደለም።

ልዩነት የሚፈጥረው ናይትሮጅኑ ሳይሆን ድርቀቱ ነው። በጎማው ውስጥ ፈሳሽ ውሃ ካለ ሲሞቅ ወደ ተንነት ስለሚለወጥ ግፊቱ ደረቅ ጋዝ ከሚጨምረው በላይ ከፍ ይላል፣ በብረት ቸርኬ ላይም ዝገት ያስከትላል። ከማጣሪያ መሣሪያ የሚወጣ ናይትሮጅን ደረቅ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት እርጥብ አየር የሚስብና ታንኩ ያልተጠረገ ኮምፕረሰር ግን ከአየሩ ጋር ውሃ ይገፋል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የአየር ቱቦውን አፍ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ላይ አድርጎ ለጥቂት ሰከንድ መልቀቅና እርጥበት ወይም የዘይት ነጠብጣብ መኖሩን ማየት በቂ ነው። በኮምፕረሰሩ ታንክ ሥር ያለውን ማፍሰሻ በየዕለቱ መክፈትና በመስመሩ ላይ የውሃ መለያ መግጠም ተራውን አየር ለዚህ ዓላማ ከናይትሮጅን ጋር ያቀራርበዋል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር የመለኪያ ሰዓት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ጠዋትና ቀትር በ15 ዲግሪ ያህል ሊለያዩ ይችላሉ፣ ይህም ብቻውን ከሁለት ፒኤስአይ በላይ ልዩነት ያመጣል። በጉዞ የጋለ ጎማ ሲሆን ደግሞ ጭማሪው አራትና አምስት ይደርሳል። አንድ ሾፌር ከኮተቤ እየነዳ መጥቶ በቀትር፣ ጎማው እንደጋለ፣ 35 አስሞልቶ ቢሄድ በማግስቱ ጠዋት ጌጁ ወደ 30 ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። ጎማው ያፈሰሰው አንዳች ነገር የለም፤ ናይትሮጅን ተሞልቶለት ቢሆን ኖሮም ንባቡ ያው በሆነ ነበር። በአምራቹ የተመለከተው መጠን መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው።

ክፍያው ሲመዘን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነጥብ ጎማው ውስጥ የገባው ጋዝ ምን ያህል ንጹሕ ነው የሚለው ነው። ቫልቩ ተከፍቶ ጎማው ቢተነፍስም በውስጡ በውጭው ግፊት መጠን አየር ይቀራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ 11 ፒኤስአይ ሲሆን ከ46ቱ ሩብ ያህል ነው። በዚህ ላይ 95 በመቶ ንጽሕና ያለው ናይትሮጅን እስከ 35 ቢሞላ በጎማው ውስጥ የሚኖረው ኦክስጅን 9 በመቶ ገደማ ይሆናል። ወደ 6 በመቶ ለማውረድ ጎማውን እንደገና አስተንፍሶ መድገም ያስፈልጋል። ጎማው ጨርሶ ሳይተነፍስ ከ25 ወደ 35 ቢሞላለት ግን ናይትሮጅኑ ፍጹም ንጹሕ እንኳ ቢሆን በውስጡ ከ16 በመቶ በላይ ኦክስጅን ይቀራል። ይህ የተገዛለትን ጥቅም ግማሽ እንኳ አያስገኝም፤ ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ክፍያ ግን አይቀንስም። የቫልቩ ክዳን አረንጓዴ መሆኑም ስለ ውስጡ የሚያረጋግጠው ነገር የለም። አገልግሎቱን የሚገዛ መሥሪያ ቤት ጎማው ሁለት ጊዜ እንዲተነፍስና ውጤቱ በኦክስጅን መለኪያ እንዲታይ መጠየቅ ይኖርበታል።

እግረ መንገድ የሚጠቀስ አንድ ነገር አለ። ከተራ አየር ውስጥ ፈጥኖ የሚወጣው ኦክስጅኑ በመሆኑ በየወሩ አየር እየተጨመረለት የቆየ ጎማ በውስጡ ያለው የናይትሮጅን ድርሻ ቀስ በቀስ ከ78 በመቶ በላይ እየሆነ ይሄዳል። ላስቲኩ ራሱ እንደ ማጣሪያ ይሠራል ማለት ነው፤ ለዚህም የሚጠየቅ ክፍያ የለም።

የወጪውን ተገቢነት ለማየት በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚፈጅ የመሥሪያ ቤት ፒካፕ በምሳሌነት ይወሰድ። የዓመት ፍጆታው 2,400 ሊትር ይሆናል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለአሽከርካሪዎች በሚያቀርበው መረጃ መሠረት የአራቱም ጎማዎች አማካይ ግፊት በአንድ ፒኤስአይ ሲቀንስ የነዳጅ ብቃት በ0.2 በመቶ ያህል ይወርዳል። ጎማዎቹ ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳይነካቸው ቢቆዩ በናይትሮጅንና በአየር መካከል የሚኖረው ልዩነት ከዜሮ ተነስቶ 1.3 ፒኤስአይ ላይ ይደርሳል፤ አማካዩ 0.65 ነው። ይህ ወደ ነዳጅ ሲለወጥ 0.13 በመቶ ወይም በዓመት 3 ሊትር ያህል ይሆናል። ጎማዎቹ በየወሩ የሚለኩና የሚስተካከሉ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ወደ ሩብ ሊትር ይወርዳል።

ስለሆነም ውሳኔ ሰጪው ኃላፊ በእጁ ያለውን የናይትሮጅን ዋጋ በአምስት አባዝቶ፣ ስኮርታው ተጨምሮ ማለት ነው፣ ከሦስት ሊትር ነዳጅ የወቅቱ ዋጋ ጋር ማወዳደር ይችላል። ክፍያው ከዚያ ከበለጠ በነዳጅ ቁጠባ አይመለስም። ለማሟያ በየጊዜው የሚጠየቀው ክፍያም በዚሁ ላይ ይታከላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የቤተ ሙከራ ጥናትም ናይትሮጅን የግፊት መቀነስን ወደ ሁለት ሦስተኛ ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ ሲያረጋግጥ፣ በራሱ የጎማውን የመሽከርከር ጫና እንደማይቀንስ አመልክቷል። ማለትም የነዳጁ ጥቅም የሚመጣው በተጠበቀው ግፊት እንጂ በጋዙ ዓይነት አይደለም፤ ግፊትን ደግሞ በጌጅ መጠበቅ ይቻላል።

ናይትሮጅን በእርግጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ ከሁሉም ግልጽ የሆነው አቪዬሽን ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1986 ከሜክሲኮ ሲቲ የተነሳ የሜክሲካና አየር መንገድ ቦይንግ 727 አውሮፕላን ፍሬኑ ከመጠን በላይ ግሎ ጎማው በአየር ላይ ሳለ በመፈንዳቱ ተከስክሶ የ167 ሰዎች ሕይወት አልፏል። ጎማው የተሞላው በናይትሮጅን ሳይሆን በአየር ነበር። በጣም የጋለ ላስቲክ የሚያወጣው ተቀጣጣይ ጋዝ በጎማው ውስጥ ካለ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚፈነዳ በመሆኑ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በቀጣዩ ዓመት በትላልቅ የማጓጓዣ አውሮፕላኖች ፍሬን ያለባቸው ጎማዎች ውስጥ ኦክስጅን ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በማዕድን ማውጫ ሥራ ላይ በሚሰማሩ ግዙፍ ማሽኖች ጎማም በተመሳሳይ ምክንያት ናይትሮጅን ይሞላል። ከእንጦጦ በሚወርድ ፒካፕ ጎማ ውስጥ ግን ሙቀቱ እዚያ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ፍሬኑ አስቀድሞ መያዝ ያቆማል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው።

ሁለተኛው ተገቢ ቦታ ብዙ የሚቆሙና ጥቂት የሚነዱ ተሽከርካሪዎች ናቸው። በአየር በተሞላ ጎማ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከውጭው በአራት እጥፍ ይበልጣል፤ ይህ ኦክስጅን ከውስጥ ወደ ውጭ እየሰረሰረ ላስቲኩን ያደርቀዋል። የእሳት አደጋ መኪና፣ ተጠባባቂ አምቡላንስ፣ ተጎታች ጀነሬተር እንዲሁም ለዓመታት ሳይነካ የሚቀመጥ ስኮርታ ጥርሳቸው ሳያልቅ ላስቲካቸው የሚያረጅባቸው በመሆኑ በእነዚህ ላይ ናይትሮጅን ዕድሜ ሊጨምር ይችላል። በየቀኑ በጥርብ ድንጋይና በጠጠር መንገድ የሚመላለስ የስምሪት መኪና ግን ጎማው ላስቲኩ ከማርጀቱ ቀድሞ ጥርሱ ያልቃል። ለማያረጅ ጎማ የእርጅና መከላከያ መግዛት ትርፉ ወጪ ነው።

በአገልግሎቱ ዙሪያ ከገንዘቡ ይልቅ አሳሳቢ የሆነው ናይትሮጅን የተሞላ ጎማ አየር አይጨመርበትም የሚለው አስተሳሰብ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ምንም ጉዳት የለውም፤ የሚሆነው የናይትሮጅኑ ድርሻ መቀነስ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሾፌር ግን ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ጎማው ዝቅ ብሎ ሲያገኘው ናይትሮጅን የሚሞላበት ቦታ እስኪመለስ ድረስ በዚያው መንዳቱን ሊመርጥ ይችላል። ግፊቱ የጎደለ ጎማ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ከመጠን በላይ ይታጠፋል፣ ከመታጠፉም የተነሳ ይግላል፤ ጭነት ይዞ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ ተቀድዶ ሊፈነዳ ይችላል። ጉድለቱ ከዓይን ይሰወራል፤ ሩብ ያህል ግፊቱን ያጣ ጎማ ቆሞ ሲታይ ከሙሉው ብዙም አይለይም። የግፊት ጠቋሚ ያላቸው አዳዲስ መኪኖችም በአብዛኛው የሚያስጠነቅቁት ጉድለቱ ወደዚያ መጠን ከደረሰ በኋላ ነው።

ናይትሮጅን በቀጥታ ከታሸገ ሲሊንደር ለመሙላት የሚሞክሩ ጋራዦችም ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከጎማው በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ መቀነሻ ሬጉሌተር ሳይኖር መሙላት ጎማውን በሠራተኛው ፊት ሊያፈነዳው ይችላል። ጋዙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲለቀቅ ሽታና ቀለም የሌለው ሆኖ ኦክስጅኑን ስለሚተካ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ብቻ መሠራት አለበት።

ለአንድ የስምሪት ክፍል ከናይትሮጅን ክፍያው ይልቅ የሚመረጠው ትክክለኛ ጌጅ ገዝቶ በግቢው በር ላይ ማስቀመጥ፣ የግቢውን ኮምፕረሰር ታንክ በየዕለቱ ማፍሰስና በየወሩ መጀመሪያ፣ ጠዋት መኪኖቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ የአምስቱንም ጎማዎች ንባብ በመዝገብ ማስፈር ነው። መዝገቡ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚቀንሰውን ጎማ በግልጽ ያሳያል፤ ያ ጎማ ወደ ጎሚስታ የሚላከውም ለናይትሮጅን ሳይሆን ለሳሙና ውሃው ምርመራ ነው። አዲስ ጎማ ሲገዛ ሻጩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ናይትሮጅን ከሞላ መቀበሉ ጉዳት የለውም፤ ከዚያ በኋላ ሲጎድል በአቅራቢያው ከሚገኝ ኮምፕረሰር ደረቅ አየር መጨመር ይቻላል።